ዋናው፣ ትክክለኛ ግልባጩ እና ኖታሪ የፈረመበት ኮፒ፦ በአባቴ የሞት ማስረጃ የተማርኩት

አባቴ ያረፈው እኔ ዘንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ለሕክምና መጥቶ ስምንት ወር አብሮን ከቆየ በኋላ ነው ያጣነው። ቀብሩም እዚሁ ሆነ። እህቶቼና ወንድሜ አዲስ አበባ ለቅሶ ተቀመጡ።

በቀብሩ ሳምንት አስከሬኑን የተረከበው ድርጅት ሠራተኛ «የሞት የምስክር ወረቀት ስንት ኮፒ ላዝዝልህ?» አለኝ። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። «ሁለት ይበቃል» አልኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይቺ ናት። ያኔ ኮፒ ሲለኝ ፎቶ ኮፒ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ሁለቱ ወረቀቶች በፖስታ መጡ። ወፍራምና ቀለም ያለው ወረቀት ላይ የታተሙ፣ የክፍለ ግዛቱ ማህተምና የመዝጋቢው ፊርማ ያለባቸው ናቸው። አንዱን ኢንሹራንስ ወሰደውና አልመለሰውም። ሁለተኛውን «ዋናው ይሄ ነው፣ ይጠበቅ» ብዬ ላሚኔት አስደረግሁት። ይህም ስህተት ነበር። ለምን እንደሆነ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አራት ወር ካለፈ በኋላ ታናሽ እህቴ ደወለች። «ጋሼ፣ ጠበቃው የአባባን የሞት ማስረጃ ይፈልጋል። ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ኮፒ ላክልን» አለችኝ። አባታችን ኑዛዜ አልተወም። ቤቱ በስሙ ነው። ወደ ልጆቹ ስም ለማዞር መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሰውየው መሞቱን የሚያሳይ ማስረጃ ማየት አለበት።

ያለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እሱን በሰው እጅ ለመላክ ፈራሁ። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ አደረግሁና ሰፈራችን ያለ አንድ ኖታሪ ጋ ሄድኩ። ኖታሪው ጥቂት ዶላር ተቀብሎ ኮፒውን ከዋናው ጋር አየ። «ከዋናው ጋር አንድ ነው» የሚል አረፍተ ነገር ጻፈበት፣ ፈረመ፣ ማህተሙን መታበት። በጣም ደስ አለኝ። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። ከዚህ በላይ ምን የተረጋገጠ ኮፒ አለ ብዬ ወደ ሀገር ቤት ለሚሄድ ወዳጄ ሰጠሁት።

እህቴ ወረቀቱን ይዛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄደች። በአንድ ደቂቃ መልሰው ሰጧት። «ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ማህተም የት አለ?» አሏት። ውጭ ጉዳይ የሚያውቀው የራሱን ኤምባሲ ማህተምና ፊርማ ነው። የአሌክሳንድሪያ ኖታሪ ማን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ወረቀቱን መልሳ ላከችልኝ። ወደ ኤምባሲው ይዤው ሄድኩ። እነሱ ደግሞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ይቅደም አሉኝ። እዚያ ስጠይቅ የክፍለ ግዛቱ ማረጋገጫ ይቅደም ተባልኩ። መሰላሉን ከላይ ወደ ታች እየወረድኩት ነበር። በመጨረሻ ወረቀቱን የቨርጂኒያን ሰነዶች ወደሚያረጋግጠው ሪችመንድ ወዳለው ቢሮ በፖስታ ላክሁት። ከአጭር ደብዳቤ ጋር ተመለሰልኝ። በቨርጂኒያ ሕግ ኖታሪ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት ኮፒን ማረጋገጥ አይችልም ይላል። ያንን ማድረግ የሚችለው ሰነዱን የመዘገበው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት ታጋሽ ነበረች። ላሚኔት ያደረግሁትን ወረቀት ነገርኳትና «ታዲያ ዋናውን ልላክ?» አልኳት። የመለሰችልኝ ነገር ሁሉንም ከፈተልኝ። «አንተ ዋና የምትለው ዋና አይደለም። ዋናው መዝገባችን ውስጥ ነው፣ መቼም ከዚያ አይወጣም። አንተ እጅ ያለው እኛ ያወጣነው ሰርቲፋይድ ኮፒ ነው። የፈለግኸውን ያህል ማዘዝ ትችላለህ።»

ይህን ከአምስት ወር በፊት ባውቀው ኖሮ! እናንተ ግን ከዚህ ጀምሩ።

ዋና ማለት መጀመሪያ የተፈረመው ወረቀት ነው። አንዳንድ ሰነድ ዋናው እጃችሁ ላይ ይኖራል። ዲግሪያችሁ፣ የቤት ካርታችሁ፣ የፈረማችሁት ውል እንዲህ ናቸው። አንዳንዱ ግን ዋናው መዝገብ ነው። የአሜሪካ የሞት፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ እንዲሁም የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደዚህ ነው። ከመዝገቡ የሚወጣላችሁ ሁሉ ግልባጭ ነው። ቢሮው «ዋናውን አምጣ» ሲል የሚፈልገው ይህንኑ ከመዝገብ ቤቱ ትኩስ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት ነው።

ትክክለኛ ግልባጭ፣ እዚህ ሰርቲፋይድ ኮፒ የምንለው፣ ሰነዱን የያዘው መሥሪያ ቤት ራሱ «ይህ እኛ ዘንድ ካለው ጋር አንድ ነው» ብሎ የሚያወጣው ነው። ኃይሉ ያለው ማህተሙ ላይ ብቻ አይደለም። የሚመሰክረው መዝገቡ በእጁ ያለ አካል መሆኑ ነው። ሀገር ቤት ፍርድ ቤት የውሳኔ ቅጂ ሲሰጥ «ትክክለኛ ግልባጭ» ብሎ ማህተም የሚያደርገው ይኸው ነው።

ኖታሪ የፈረመበት ኮፒ ደግሞ ሌላ ሰው የሚመሰክርበት ነው። የአሜሪካ ኖታሪ መዝገቡን አላየም። ያየው እኔ ያቀረብኩለትን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ሐሰተኛ ቢሆን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የኖታሪ ዋና ሥራው ፊርማ ነው። ፊት ለፊቱ የፈረመው ሰው መታወቂያው ላይ ያለው ሰው መሆኑን ነው የሚመሰክረው። በአንዳንድ ክፍለ ግዛት ደግሞ «ይህ ትክክለኛ ኮፒ ነው» ብላችሁ ራሳችሁ የፈረማችሁትን መግለጫ ኖታሪው ያረጋግጥላችኋል። ማህተሙን ስታዩ ኮፒውን ያረጋገጠ ይመስላችኋል። ያረጋገጠው ግን የእናንተን ፊርማ ብቻ ነው። እባካችሁ ማህተም ስላለ ብቻ አትርኩ። ከማህተሙ በላይ ያለውን አረፍተ ነገር አንብቡ፤ ማን፣ ስለ ምን እንደመሰከረ እዚያ ተጽፏል።

ይህ ከገባኝ በኋላ ነገሩ መስመር ያዘ። ከቨርጂኒያ ጤና መሥሪያ ቤት አምስት ሰርቲፋይድ ኮፒ አዘዝኩ። አንዱ 12 ዶላር፣ ባጠቃላይ 60 ዶላር። ወረቀቶቹ ሲደርሱኝ መጀመሪያ ያደረግሁት የአባቴን ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ይህን አደራ እላለሁ። ስህተት ካለ ማስተካከል የሚቻለው አሁን ነው። ከተረጋገጠ በኋላ ቢታረም የማረጋገጫው ጉዞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከአምስቱ ሁለቱን ሪችመንድ ላክሁ። ማመልከቻው ላይ ሰነዱ የሚሄድበት ሀገር ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢንተርኔት ላይ የሚያነበው ሁሉ «አፖስቲል አስደርግ» ስለሚለው አፖስቲል ይጠይቃል። አፖስቲል የ1961ዱ የሄግ ስምምነት አባል በሆኑ ሀገሮች መካከል የሚሠራ የሰነድ ማረጋገጫ ነው። እኔ ሰነዱን በላክሁበት ጊዜ ኢትዮጵያ አባል አልነበረችም። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ተራው የማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ነበር። «ኢትዮጵያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ትክክለኛውን ሰጡኝ። እናንተም ከመላካችሁ በፊት ይህን አንድ ነገር ከኤምባሲው ጠይቁ። አባል ላልሆነ ሀገር አፖስቲል ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀጣዩ ቢሮ አይቀበላችሁም።

ከሪችመንድ የመጣው በሞት ማስረጃው ላይ አንድ ገጽ ተደርቦበት፣ በስቴፕል ተያይዞ ነው። ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ስቴፕሉን ልነቅል ስል ባለቤቴ ያዘችኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ። ስቴፕሉ ከተነቀለ ገጹ ሊቀየር ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ ማረጋገጫው ውድቅ ይሆናል። ኮፒ ማድረግ ካለባችሁ ገጹን አጠፍ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ።

የላሚኔቱም ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ላይ ማህተም አያርፍም፣ ሌላ ገጽ አይያያዝም፣ ጎበጥ ያለው ማህተምም በእጅ አይዳሰስም። እኔ «ጠብቄዋለሁ» ያልኩት ወረቀት ለምንም ሳይሆን ቀረ። ዲግሪያችሁንም ሆነ የልደት ካርዳችሁን ላሚኔት አታስደርጉ። ማስረጃ መጠበቂያው ንጹህ የፕላስቲክ ኪስ ነው።

ቀጥሎ DS-4194 የሚባለውን ፎርም ሞልቼ ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ላክሁ። ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር፣ ለሁለቱ 40 ከፈልኩ። እዚህ ጋ ነው ትዕግስት የሚያስፈልገው፤ ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ ኤምባሲው። ኤምባሲው ማህተሙን ሲመታበት ወረቀቱ ሦስት ገጽ ሆኖ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ የሚመሰክረው ከሥሩ ስላለው ፊርማ ብቻ ነው። ሪችመንድ ለመዝጋቢው ፊርማ፣ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ለሪችመንድ ፊርማ፣ ኤምባሲው ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ። ሰንሰለት ነው። አንዱ ቀለበት ከተዘለለ ቀጣዩ የሚያውቀው ፊርማ አያገኝም። የእኔ የኖታሪ ወረቀት ያልሄደውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀለበቱ ራሱ የተሳሳተ ነበር።

ሁለቱንም አዲስ አበባ ላክሁ። እህቴ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጠች። በዚህ ጊዜ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ፈቃድ ባለው የትርጉም ቤት ወደ አማርኛ አስተረጎመችው። ከእኛ ልምድ ትርጉሙን መጨረሻ ላይ ማስደረግ ይሻላል። ቀድማችሁ ካስተረጎማችሁት፣ በኋላ የሚደረቡት ማህተሞች ትርጉሙ ላይ አይኖሩም።

አሁን ደግሞ ስህተቱ ሀገር ቤት ሆነ። እህቴ ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻውን ስታስገባ ዋናውን ከመዝገቡ ጋር አያይዛ ሰጠች። ውሳኔው ተሰጠ፣ የወራሽነት ማረጋገጫው ወጣ። የሞት ማስረጃው ግን መዝገቡ ውስጥ ቀረ። ከመዝገብ ለማውጣት ደግሞ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ምልልስ ነው። ሁለት ስለላክሁ ነው የተረፍነው።

ሁለተኛዋን ይዛ ውልና ማስረጃ ሄደች። ሕዝቡ ውልና ማስረጃ የሚለው ሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አገልግሎት ማለት ነው። እዚያ ዋናውን ካሳያችኋቸው ቅጂውን አመሳክረው ማህተም ያደርጉበታል። ይህ ከአሜሪካው ኖታሪ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እዚህ ማንም ባለ ሱቅ ፈቃድ አውጥቶ ኖታሪ ሊሆን ይችላል። እዚያ ግን የሚያረጋግጠው በአዋጅ የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ ያረጋገጠውንም ይመዘግባል። ስለዚህ ሀገር ውስጥ ያለ ቢሮ «የተረጋገጠ ኮፒ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እህቴ የምትሄድበት ሁሉ ዋናውን እያሳየች የተመሳከረውን ቅጂ ትታ መምጣት ጀመረች።

ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት የጠየቃት ደግሞ ሌላ ነው። የሞት ማስረጃውን ብዙም አልፈለጉትም። የፈለጉት የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ነው፣ ያውም የፍርድ ቤቱ ማህተም በቀጥታ ያረፈበትን ትክክለኛ ግልባጭ። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ማህተም አይቀበሉም። የቤቱን ካርታ ዋናውን ጠየቁ። ለካርታ ኮፒ አይሠራም፣ ምክንያቱም ስም ሲዞር አሮጌው ካርታ ተመላሽ ይሆናል። እህቴ ከፍርድ ቤት የወሰደችው ግልባጭ አንድ ብቻ ነበር። ባንኩም ጠየቃት፣ ተመልሳ ሌላ አስወጣች። ውሳኔ በወጣበት ቀን ሦስት አራት ግልባጭ በአንድ ጊዜ ጠይቁ።

ኖታሪን ክፉ ያደረግሁት እንዳይመስል፣ ኖታሪ ትክክል የሆነበትንም ልናገር። እኔ አዲስ አበባ መሄድ ስለማልችል ለእህቴ ውክልና መስጠት ነበረብኝ። ውክልና መዝገብ ቤት ያለ ሰነድ አይደለም። እኔ አሁን የምፈጥረው፣ ኃይሉ ያለው ፊርማዬ ላይ የሆነ ሰነድ ነው። የሚረጋገጠውም ፊርማው ነው። አሌክሳንድሪያ ለዋሽንግተን ቅርብ ስለሆነ ኤምባሲው ሄጄ ቆንስላው ፊት ፈረምኩ። ሩቅ ክፍለ ግዛት ያለ ሰው ግን ኖታሪ ፊት ይፈርምና ያንኑ ሰንሰለት ተከትሎ፣ ክፍለ ግዛት፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ እያለ ያስኬደዋል። ቤታችሁ ፈርማችሁ እንዳትሄዱ። ኖታሪው ፊቱ እንድትፈርሙ ሊጠይቅ ይችላል። ቤት መሸጥም ካሰባችሁ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ይግባ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ልዩ ውክልና ይጠይቃል።

የውክልናውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬላት ነበር፣ ጉዳዩ እንዳይዘገይ ብዬ። ረቂቁን ጠበቃው እንዲያነብ ጠቀመ። ለቢሮ ግን አልጠቀመም። ውክልና ዋናው ራሱ ነው የሚፈለገው።

ተቃራኒውን ደግሞ ጎረቤቴ ላይ አየሁ። ለእናቷ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ማመልከቻ ስታዘጋጅ ከሀገር ቤት የመጣውን የልደት ማስረጃዋን ዋናውን ፖስታ ውስጥ ከትታ ልትልክ ነበር። አስቆምኳት። ኢሚግሬሽን በግልጽ ዋናውን ካልጠየቀ በስተቀር የሚፈልገው የሚነበብ ተራ ፎቶ ኮፒ ነው። ሳይጠየቅ የተላከ ዋና ሊወገድ እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ዋናው የሚያስፈልገው ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። የእንግሊዝኛ ትርጉሙም ተርጓሚው «ሁለቱን ቋንቋ እችላለሁ፣ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል ነው» ብሎ ከፈረመበት ይበቃል። ኖታሪ አያስፈልገውም። እሷ ግን ለኖታሪ ከፍላ ነበር።

አሁን ሰነድ ከማዘጋጀቴ በፊት ለሚቀበለው ቢሮ ደውዬ «የተረጋገጠ ኮፒ ትቀበላላችሁ?» አልልም። ቃሉ ለሁላችንም አንድ አይደለም። «ኮፒውን ማን እንዲያረጋግጠው ትፈልጋላችሁ፤ ሰነዱን ያወጣው መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ውልና ማስረጃ ወይስ ኖታሪ?» እላለሁ። ቀጥዬ «ዋናውን አይታችሁ ትመልሳላችሁ ወይስ ታስቀራላችሁ?» እላለሁ። ሰነዱ ከውጭ የመጣ ከሆነ «ከእናንተ በፊት የመጨረሻው ማህተም የማን መሆን አለበት?» ብዬ እጨምራለሁ። የመጨረሻውን ማህተም ካወቃችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ የመጀመሪያው የት እንደሆነ ታገኛላችሁ። እኔ መሰላሉን የወረድኩት በእግሬ ነበር። በአንድ ስልክ ይወረዳል።

ቤቱ በአራታችን ስም ሆኗል። አምስት ካዘዝኳቸው ኮፒዎች ሦስቱ እኔ ጋ ቀርተው ነበር። ባለፈው ወር የአባቴን ትንሽ የባንክ ሂሳብ ለመዝጋት አንዱን ሰጠሁ። ባንኩ አስቀረው። ሁለቱ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ናቸው፣ ስቴፕል የለባቸውም፣ ላሚኔትም የለባቸውም።